ለማያውቁት ፕሮፌሰር የሚጻፍ ደብዳቤ

የዶክትሬት አማካሪ ለመጠየቅ የሚጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ ያለው ክብደት ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ በብዙ የትምህርት ክፍሎች ተማሪን የሚቀበለው ኮሚቴ ስለሆነ፣ ለፕሮፌሰር አስቀድሞ መጻፍ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ግዴታ አይደለም። በጀርመን የተለመደው መንገድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ የዶክትሬት ተማሪ ለመሆን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያማክረውን ፕሮፌሰር ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ ፕሮፌሰሩ ወይም ፕሮፌሰሯ «አማክራለሁ» ብለው በጽሑፍ ሲያረጋግጡ ነው ፋኩልቲው ማመልከቻውን የሚመለከተው። የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት (ዳድ) ለዶክትሬት በሚሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድልም ከጀርመን አማካሪ የተገኘ የማረጋገጫ ደብዳቤ ከሚጠየቁት ሰነዶች አንዱ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከጅማ ወደ ጀርመን ለሚያስብ ሰው ሁሉም ነገር የሚነሣው ከዚህች ገጽ ከማትሞላ ኢሜይል ነው።

ከመጻፍ በፊት የገንዘቡ ነገር መለየት አለበት። ፕሮፌሰሩ በፕሮጀክት በጀት የሚከፈልበት የተመራማሪ ቦታ ካወጡ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ የሚላከውም ለዚያ ማስታወቂያ የሚስማማ የሥራ ማመልከቻ ነው። የራሳቸው የማመልከቻ ጊዜና ቅጽ ያላቸው የዶክትሬት ፕሮግራሞችም አሉ። እዚህ የሚብራራው ደብዳቤ ሦስተኛውን ሁኔታ ይመለከታል፤ አመልካቹ የራሱን የምርምር ሐሳብ ይዞ፣ ገንዘቡን ከስኮላርሺፕ ለማግኘት አስቦ፣ አማካሪ ሲፈልግ የሚጽፈው ነው።

እንዲህ ያለው ደብዳቤ የሥራ ማመልከቻም ልመናም አይደለም፤ ጥያቄ ነው። የሚደርሳቸውም ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መልስ ሊሰጡበት የሚችሉት ጥያቄ መሆን አለበት። ፕሮፌሰሩ ሲያነቡ በልባቸው የሚመዝኑት ብዙ አይደለም፤ ሐሳቡ እኔ በማውቀው ክልል ውስጥ ነው ወይ፣ ይህ ሰው ሊሠራው ይችላል ወይ፣ ከእኔስ የሚፈለገው ምንድን ነው የሚለው ነው። ለእነዚህ መልስ የማይሆን ዓረፍተ ነገር ሁሉ፣ የቱንም ያህል ትሕትና የተሞላበት ቢሆን፣ ቢቀር ይሻላል። በእኛ አገር የደብዳቤ ወግ ተቀባዩን ማክበር ከመግቢያው ምስጋና ይጀምራል፤ ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ግን «ዝናዎን ሰምቼ» የሚለውን ሲያይ ለብዙ ሰው የተላከ ግልባጭ ነው ብሎ ይጠረጥራል። አክብሮቱ በማዕረጉና በስሙ ትክክለኛ አጻጻፍ ላይ ይገለጻል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

አንዲት አመልካች ለምሳሌ ትቅረብ። በባሕር ዳር ትኖራለች፣ በውሃ ሀብት ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪ አላት፣ የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በሳተላይት ምስል የእርሻ መሬት ለውጥን በማጥናት ነው። አሁን ማጥናት የምትፈልገው በጣና ሐይቅ ላይ የተስፋፋውን እምቦጭ ነው። በመጀመሪያ ረቂቋ የምርምሯን ሐሳብ የገለጸችው እንዲህ ነበር፤ «የምርምር ፍላጎቴ የአየር ንብረት ለውጥ በኢትዮጵያ የውሃ ሀብት ላይ የሚያስከትለው ተፅዕኖና ዘላቂ የሐይቅ አያያዝ ነው።» ይህ ዓረፍተ ነገር ስሕተት የለበትም፤ ችግሩም እሱ ነው። ሊሳሳት የማይችል ሐሳብ ሊመረመርም አይችልም። አንድ ፕሮፌሰር ይህን አንብቦ ሊቃወመውም ሊደግፈውም የሚይዘው ነገር ስለሌለው፣ የሚቀለው ዝም ማለት ነው።

ሁለተኛው ረቂቅ ከጥያቄ ተነሣ። እምቦጭ በጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ በይበልጥ የሚበረታው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው። መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወንዞችም ወደ ሐይቁ የሚገቡት በዚያው ወገን ነው። አመልካቿ የጠየቀችው እንዲህ ነው፤ አረሙ በየዓመቱ የሚሸፍነው ስፋት በይበልጥ የሚከተለው የሐይቁን ከፍታ መውጣትና መውረድ ነው ወይስ እነዚህ ወንዞች የሚያመጡትን ደለልና ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያ? አሁን ጥያቄው ሁለት መልስ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱም ሊወድቅ ይችላል። መልሱም ለውጥ ያመጣል፤ ዋናው ምክንያት ማዳበሪያው ከሆነ አረሙን ከሐይቁ ማንሣት ብቻውን አይበቃምና።

ከጥያቄው ቀጥሎ የመጣው መረጃው ከየት እንደሚገኝ ነው። ሴንቲኔል ሁለት የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ከ2015 ጀምሮ ምስል ይሰጣሉ፤ ምስሉ ለማንም በነፃ ይገኛል፤ እያንዳንዱ ነጥብ በመሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይሸፍናል። ችግሩ ደመና ነው። አረሙ በሚፋፋበት ክረምት ሰማዩ ስለሚዘጋ እነዚህ ምስሎች ብዙም አይጠቅሙም። ሴንቲኔል አንድ የሚባሉት ደግሞ በራዳር ስለሚሠሩ በደመናም በጨለማም ያያሉ። አመልካቿ ለመጻፍ የመረጠቻቸው ፕሮፌሰር ረግረጋማ ቦታዎች ላይ የሚበቅሉ ዕፅዋትን በራዳር የሚያጠኑ ናቸው። ስለዚህ ደብዳቤው ለምን ወደ እሳቸው እንደሄደ ማብራራት አላስፈለገውም፤ ከሥራው አካሄድ ራሱ ታየ። ይህን ለመፈተን አንድ ቀላል መንገድ አለ፤ የፕሮፌሰሩ ስም በሌላ ፕሮፌሰር ስም ቢተካ ደብዳቤው እንዳለ ከሄደ፣ ገና አልተጻፈም ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ግጥምጥም ለማግኘት የፕሮፌሰሩን የመጨረሻ ሁለት ሦስት ዓመታት ጽሑፎች ማንበብ ያስፈልጋል፤ በተለይም በየጽሑፉ መጨረሻ ገደማ የሚቀመጠውን፣ ጥናቱ ያልደረሰበትን የሚናገረውን ክፍል። ዐሥር ዓመት ያለፈውን ታዋቂ ጽሑፍ ጠቅሶ መጻፍ አደገኛ ነው፤ ሰውየው ከዚያ ርዕስ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ጡረታ የተቃረቡ ወይም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ በመዛወር ላይ ያሉ ሰዎችም አሉ፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት ክፍሉ ገጽ ላይ ይገኛል።

ከአንቀጹ ሁሉ ዋጋ ያለው ግን የሐሳቡን ደካማ ጎን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ነው። አመልካቿ ሁለት ነገር ጻፈች። አንደኛ፣ በውሃ ላይ የተንሳፈፈ እምቦጭ፣ በዳርቻው ያለ ደንገልና በፎገራ ሜዳ በውሃ የተሞላ የሩዝ ማሳ በራዳር ምስል ላይ ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ፣ ለመለየት በጀልባ ተዙሮ በቦታው የሚሰበሰብ መረጃ ይጠይቃል፤ እሷ ባሕር ዳር ስለሆነች ይህን ማድረግ ትችላለች። ሁለተኛ፣ ሕዝቡ በእጅና በማሽን በዘመቻ አረሙን ሲያነሣ የስፋቱ መቀነስ ከሐይቁም ከወንዙም ጋር የማይያያዝ ይሆናል፤ የዘመቻዎቹን ጊዜና ቦታ መለየት ካልተቻለ ውጤቱ ያሳስታል። አንዳንድ አመልካቾች እንዲህ ያለውን ነገር መናገር ራስን ማዳከም ይመስላቸዋል። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ፕሮፌሰሩ በሚያነቡበት ቅጽበት የሚያነሡት ተቃውሞ ቀድሞ ከተነገረ፣ ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ከሥራው ጋር እንደተገናኘ ይታያል። ብዙ ጊዜ መልስ የሚያመጣውም ይህ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ፕሮፌሰሩ «ሩዙን እንኳ መለየት ይቻላል፣ እኛ በዚህ መንገድ ሞክረናል» ብሎ ለመጻፍ እጁ ይበላዋል።

ስለ ራስ የሚጻፈው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ዝርዝሩን ሲቪ ይይዘዋል። የሚጠቀሰው ሐሳቡን የሚደግፈው ብቻ ነው። ለአመልካቿ የዲግሪዋ ርዕስ፣ የሳተላይት ምስል በየትኛው ፕሮግራም እንደምታቀናብርና ከመስክ ሥራዋ አንዱ በቂ ናቸው። የቤተሰብ ችግር፣ የልጅነት ሕልምና «ታታሪ ነኝ» የሚሉት ለዚህ ደብዳቤ አይሆኑም።

ጥያቄው በመጨረሻ በግልጽ ይቀመጣል፤ ብዙ ደብዳቤ የሚበላሸውም እዚህ ነው። «ዕድሉን ቢሰጡኝ» የሚለው ሐረግ ፕሮፌሰሩን ሲያሳስበው ገንዘብ እየተጠየቅሁ ነው ወይስ ምክር ብሎ እንዲጠራጠር ያደርገዋል፤ ገንዘብ የሌለው ፕሮፌሰርም ስለ ምክሩ ሳያስብ «አይቻልም» ይላል። የአመልካቿ ጥያቄ እንዲህ ነበር፤ «ለዳድ ስኮላርሺፕ ለማመልከት አስቤአለሁ። ይህ ሐሳብ ከእርስዎ ሥራ ጋር የሚገጥም ከመሰለዎት፣ በአማካሪነት ሊቀበሉኝ ፈቃደኛ ይሆኑ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ፈቃደኛ ከሆኑ ዝርዝር ዕቅዱን እልካለሁ።» ገንዘቡ ከሌላ ቦታ መሆኑ፣ የሚፈለገው ምን እንደሆነና ቀጣዩ እርምጃ በሦስት ዓረፍተ ነገር ተነገረ። ደብዳቤው በሙሉ ከሦስት መቶ ቃላት ብዙም አይበልጥም።

አባሪውም ትንሽ ነው፤ ሲቪ፣ ትራንስክሪፕትና አንድ ሁለት ገጽ የሐሳቡ መግለጫ በአንድ ፒዲኤፍ። በኢሜይሉ ርዕስ ላይ «የዶክትሬት ጥያቄ» ከማለት ይልቅ ጉዳዩን መጻፍ ይሻላል፤ «የጣና እምቦጭ በራዳር፣ ስለ ዶክትሬት አማካሪነት» ቢባል የሚፈለገው ይታወቃል። የስም አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። በዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸውና፣ ልዩነቱን ኋላ ላይ ለማስረዳት ከመድከም መጀመሪያውኑ በሲቪው ላይ በአንድ መስመር መግለጽ ይቀላል። ለአምስት ፕሮፌሰሮች በአንድ ኢሜይል መላክ ደግሞ ለአንዳቸውም አለመላክ ነው፤ በአንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ ያሉ ፕሮፌሰሮችም እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ።

የመልሱ ጊዜ በዩኒቨርሲቲው አቆጣጠር ይወሰናል። የጀርመን የክረምት ሴሚስተር ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ የበጋው ከሚያዝያ እስከ መስከረም በፈረንጆች አቆጣጠር የሚሄድ ሲሆን፣ በነሐሴ ብዙዎች ዕረፍት ወይም የመስክ ሥራ ላይ ናቸው። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ያንኑ ኢሜይል ከሥር አድርጎ ሁለት መስመር ማስታወሻ መላክ ተገቢ ነው፤ ከዚያ በኋላም ዝምታ ከሆነ ወደ ሌላ መሄድ ይሻላል። ዝምታ ስለ ሐሳቡ ጥራት ብዙ አይናገርም።

መልስ ሲመጣ ቃሉን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። «ገንዘብ የለኝም» የሚለው አማካሪነቱን አልከለከለም፤ ስኮላርሺፕ እንደሚፈለግ በደብዳቤው ላይ በግልጽ ካልተነገረ ይህን መግለጽ ይቻላል። «ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ዕቅዱን ላክ» የሚለው ገና ተቀበልሁ ማለት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ረዘም ያለ ፕሮፖዛል፣ ብዙ ጊዜም በቪዲዮ የሚደረግ ውይይት ይከተላል። ከእነዚህ በኋላ የሚጻፈው፣ ፊርማና ቀን ያለው የአማካሪነት ማረጋገጫ ነው ለስኮላርሺፕም ለፋኩልቲም የሚቀርበው። ማረጋገጫው ከስኮላርሺፑ የመዝጊያ ቀን በፊት እንዲደርስ፣ ደብዳቤው ከዚያ ቀን ቢያንስ ከሦስት እስከ አራት ወር ቀድሞ መላክ ይኖርበታል።