የዲስክ ፍሬን እና የታምቡር ፍሬን

የዲስክ ፍሬን እና የታምቡር ፍሬን የተሽከርካሪን ፍጥነት ለመቀነስ ወይም ለማቆም የሚያገለግሉ ሁለት የፍሬን ዓይነቶች ናቸው። ሁለቱም የሚሠሩት በሰበቃ ነው፤ ከጎማው ጋር በሚዞር ብረት ላይ የማይዞር ሸራ ሲጫን የተሽከርካሪው የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዋናው ልዩነታቸው ይህን ሙቀት የማስወገድ ችሎታቸው ነው።

አሠራር

በቤት መኪና ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ግፊቱ በፍሬን ዘይት አማካኝነት ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል።

በዲስክ ፍሬን ይህ ግፊት በካሊፐር ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል። ካሊፐሩም የሚዞረውን ዲስክ በሁለት ሸራዎች መካከል ጨምቆ ይይዘዋል። ዲስኩ ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ታምቡር ደግሞ ከጎማው ጋር የሚዞር፣ ድስት የሚመስል ብረት ነው። በውስጡ ሸራ የለበሱ ሁለት ቆልማማ ብረቶች አሉ። ግፊት ሲመጣ ወደ ውጭ ተከፍተው የታምቡሩን ውስጠኛ ግድግዳ ይጫናሉ፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ ሞላ ይመልሳቸዋል። ከሁለቱ አንዱን የታምቡሩ ዙረት ራሱ ይበልጥ ወደ ግድግዳው ስለሚስበው፣ በትንሽ ግፊት ብዙ የመያዝ ኃይል ይገኛል። ነገር ግን ሙቀቱ በውስጡ ታፍኖ ይቆያል።

ሙቀትና ቁልቁለት

1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲቆም ወደ 580 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይኸው መኪና ቁመቱ 1,000 ሜትር የሆነ ቁልቁለት ሲወርድ ግን 14,700 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት መወገድ አለበት፤ ይህም የመጀመሪያውን 25 እጥፍ ያህል ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከዚህ የበለጠ ይወርዳል።

የጋለ ታምቡር እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ከወትሮው በላይ ይጠልቃል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ፣ በዲስክም ሆነ በታምቡር፣ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ የማረር ሽታም ይሸታል። የፍሬን ዘይቱ ከፈላ በውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት በቀላሉ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ፍሬኑም አይዝም። ስለዚህ ረጅም ቁልቁለት የሚወረደው በከባድ ማርሽ ነው፤ ያኔ ከጉልበቱ ብዙውን ሞተሩ ይይዘዋል።

አጠቃቀም

መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት የፊት ፍሬኖች ናቸው። በዚህ ምክንያት በብዙ አነስተኛ መኪኖች የፊቱ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር ነው። ታምቡር ርካሽ ከመሆኑም በላይ የእጅ ፍሬን በቀላሉ ይገጠምለታል። ፈጣን መኪኖች በአራቱም ጎማ ዲስክ ይጠቀማሉ። በአየር ግፊት የሚሠራ ታምቡር በከባድ መኪኖች የተለመደ ነው፤ በአዳዲስ የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ላይ ግን ዲስክም ይገኛል።