ሙዚቃ ሰዓት ይሰጣል፣ ርችት አይሰጥም፦ ስለ ጆሮ ለተማሪዎች የሚሆን አጭር ንግግር

በትምህርት ቤት የጠዋት ሰልፍ ላይ ስለ ጤና ለሚናገር መምህር ወይም ሐኪም የሚሰጠው ጊዜ ከአምስት ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም። ስለ ጆሮ የሚደረገው ንግግርም ብዙ ጊዜ «ድምፅ ቀንሱ» በሚል ተግሣጽ ያበቃል። ይሁንና ከፍተኛ ሙዚቃና ርችት ጆሮን የሚጎዱት በተለያየ መንገድ ነው፤ መከላከያቸውም ይለያያል። ልዩነቱን ለታዳጊዎች ለማስረዳት ሦስት አጫጭር መልእክቶች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው መልእክት እንዲህ ሊባል ይችላል፦ «ልጆች፣ በእያንዳንዱ ጆሯችሁ ውስጥ 15 ሺህ ገደማ ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። አንዱ ከሞተ ሌላ አይተካውም።»

ሕዋሳቱ የሚገኙት በፈሳሽ በተሞላውና የቀንድ አውጣ ቅርፅ ባለው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል ነው። በአናታቸው ላይ ያሉት ረቂቅ ፀጉሮች በድምፅ ሞገድ ሲታጠፉ ወደ አንጎል መልእክት ይላካል። ሞገዱ ከበረታ ግን ፀጉሮቹ ይሰበራሉ፤ ሕዋሱም ይሞታል። ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚጎዱት ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀበሉት ናቸው። «ስ» እና «ፍ» የሚለዩት በእነዚሁ ቀጫጭን ድምፆች በመሆኑ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ «ስም» የተባለውን «ፍም» ብሎ ሊሰማ ይችላል። ጉዳቱ የደረሰበት ልጅ «አልሰማም» ሳይሆን «እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም» የሚለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መልእክት ስለ ሙዚቃ ነው፦ «ለጆሯችሁ በሳምንት የተወሰነ የድምፅ ቀለብ አለው። ድምፁን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ቀለቡ ቶሎ ያልቃል።»

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በጋራ ባወጡት መመዘኛ፣ ለልጆች የተቀመጠው ጣሪያ በ75 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር የሚሸከመው ኃይል እጥፍ ስለሚሆን፣ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በ78 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ81 ዴሲቤል 10 ሰዓት እያለ ይወርድና በ90 ዴሲቤል 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ጫጫታ በሞላበት አውቶቡስ ውስጥ ሙዚቃውን እስከ 90 ዴሲቤል ከፍ አድርጎ በቀን አንድ ሰዓት የሚጓዝ ተማሪ ሰኞ ቢጀምር፣ የሳምንቱ ቀለብ ማክሰኞ ላይ ያልቃል። ድምፁን ከፍ ያስደረገው የአውቶቡሱ ጫጫታ በመሆኑ፣ የውጭውን ድምፅ አፍኖ የሚይዝ የጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ ለመስማት ያስችላል።

ሦስተኛው መልእክት ስለ ርችት ነው፦ «ሙዚቃ ሰዓት ይሰጣችኋል፤ ርችት አይሰጥም። ከእርሱ የሚያድናችሁ ርቀት ነው።»

ጆሮ የራሱ መከላከያ አለው። ከባድ ድምፅ ሲመጣ አንዲት ትንሽ ጡንቻ የመካከለኛውን ጆሮ አጥንት ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች። ጡንቻዋ ሥራ ለመጀመር ግን በርካታ የሰከንድ መቶኛ ክፍሎች ያስፈልጓታል፤ የርችቱ ፍንዳታ ደግሞ ከዚያ በፊት ጆሮ ውስጥ ገብቶ ያልፋል። እንዲህ ላለው ድንገተኛ ድምፅ የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ያስቀመጠው ከፍተኛ ወሰን 120 ዴሲቤል ነው። በ2 ሜትር ርቀት 150 ዴሲቤል የሚያሰማ ርችት አለ እንበል። በክፍት ሜዳ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በ16 ሜትር ገና 132 ዴሲቤል ነው፤ ወደ 120 የሚወርደው በ64 ሜትር ነው። በግንብ አጥር መካከል ባለ ጠባብ መንገድ ላይ ድምፁ ተመልሶ ስለሚያስተጋባ ከዚህም ያነሰ ይቀንሳል። በመስቀል ዋዜማ በአዲስ አበባ ሰፈሮችም ሆነ በጀርመን የዘመን መለወጫ ሌሊት፣ ርችት ከሚወረወርበት ቦታ ራቅ ብሎ ማየት የሚመከረው ለዚህ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚወተፍ ጥጥ የሚቀንሰው ድምፅ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለጆሮ መከላከያ ተብሎ የተሠራ መድፈኛ ግን ይረዳል።

ተናጋሪው ሳይጠቅስ ማለፍ የሌለበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ከፍንዳታ ወይም ከድግስ በኋላ የሚመጣው የጆሮ ጭውታ ነው። ጭውታው በማግስቱ ሲጠፋ ልጆች «ዳነ» ይላሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ሻሮን ኩጃዋና ቻርለስ ሊበርማን በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የመስማት ልኬቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ በኋላም ሕዋሳቱን ከነርቭ ጋር የሚያገናኙት ነጥቦች ብዙዎቹ ጠፍተው ተገኝተዋል። የጭውታው መጥፋት፣ እንግዲህ፣ ጉዳት አለመድረሱን አያረጋግጥም።

ስለዚህ ንግግሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነው፦ «ጆሯችሁ ጭው ካለ ከድምፁ ራቁ፤ ለወላጆቻችሁም ተናገሩ። ጠዋት ስትነሡም ጭውታው ካልለቀቃችሁ ወይም ድምፅ የታፈነ ከመሰላችሁ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።»