ከጸደቀ በኋላ ይከፈላል

በአዳማ ከተማ በጥብቅና ሙያ ተቀምጠን ከምንመረምራቸው ውሎች መካከል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እየበዛ የመጣው የስፖንሰርነት ውል ነው፤ ይኸውም ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው የስምጥ ሸለቆ መንገድ ሐይቁን፣ ማዕዱንና ገበያውን በቪዲዮ እየቀረጹ ለሕዝብ የሚያሳዩ ወጣቶች ከሆቴሎችና ከመጠጥ አምራቾች ጋር የሚዋዋሉት ነው። ረቂቁን አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘጋጀው ከፋዩ ወገን በመሆኑ፣ ወጣቱ ወደ ቢሮአችን ይዞት ሲመጣ ዐይኑ ያረፈው በገንዘቡ ልክ ላይ ነው፤ እኔ ግን ከገንዘቡ ልክ አስቀድሜ የምመረምረው፣ ያ ገንዘብ የሚከፈልበት ዕለት በማን ፈቃድ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው።

ለዚህ ነገር አብነት የሚሆነን አንዲት የቪዲዮ ባለሙያ ያመጣችው ረቂቅ ነው። አንድ የታሸገ ውኃ አምራች፣ በባቱ፣ በላንጋኖና በቢሾፍቱ ሦስት ቪዲዮዎች ሠርታ እንድታስረክበው በ150,000 ብር ሊዋዋላት ፈቅዶ፣ ስለ አከፋፈሉ ግን «ሥራው በድርጅቱ ከጸደቀ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ይከፈላል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ አስፍሮ ነበር። ሠላሳው ቀን ለተመልካች የተቈረጠ ቀጠሮ ይመስላል፤ ነገር ግን ቈጠራው የሚጀምረው ሥራው ሲጸድቅ ስለሆነ፣ ለማጽደቁም ቀን ስላልተወሰነለት፣ ቀጠሮው መነሻ የለውም። ወረድ ብሎም «ድርጅቱ እስኪረካ ድረስ ማስተካከያ ታደርጋለች» የሚል ሌላ አንቀጽ ነበረ። ሁለቱ አንቀጾች በተጣመሩ ጊዜ፣ ከፋዩ ሥራውን ለአራተኛና ለአምስተኛ ጊዜ በመለሰ ቍጥር የዕዳውን ቀን ያርቃል፤ እንዲህም ሲያደርግ ውሉን አላፈረሰም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተመሠረተ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚያስገድድ ይደነግጋል። በቅን ልቡና መፈጸም እንዳለበትም ሕጉ ስለሚናገር ባለሙያዋ በዚያ ልትከራከር ትችላለች፤ ዳሩ ግን «ቀለሙ አላማረንም» ያለውን ሰው ክፉ ልቡና እንዳደረበት ማስረዳት እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚገኘው ከክርክሩ ሳይሆን ከረቂቁ ነው፤ እርሱም ክፍያውን ከማጽደቅ ነጥሎ፣ ባለሙያዋ በራሷ እጅ ልትፈጽመው ከምትችለው ተግባር፣ ማለት ከርክክብ ጋር ማሰር ነው።

ለድርድር በተቀመጥን ጊዜ ግማሹ በቅድሚያ፣ ግማሹ ሦስቱን ቪዲዮዎች ባስረከበች በ15ኛው ቀን እንዲከፈል ጠየቅን። የድርጅቱ የማርኬቲንግ ኃላፊ፣ ትሕትና ያለው ወጣት፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ልናስቸግራት አይደለም፤ ለጥንቃቄ ያህል ነው የጻፍነው» አለኝ። «ልጄ፣ አንተን አላማሁም፤ ነገር ግን ነገ አንተ ብትለወጥ ውሉ የሚቀረው ከምትክህ ጋር ነው» አልሁት። በመጨረሻ 40 በመቶው፣ ማለት 60,000 ብር፣ በፊርማው ዕለት፣ ቀሪው 90,000 ብር ከርክክቡ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ እንዲከፈል ተስማማን።

ማስተካከያውን በሁለት ዙር ስንወስን፣ የዙሩ ቍጥር ብቻውን እንደማይበቃ እናውቅ ነበር፤ ምክንያቱም ጠቡ የሚነሣው ማስተካከያ የትኛው፣ አዲስ ሥራ የትኛው እንደ ሆነ ባልተለየበት ስፍራ ነው። ምስል ማሳጠር፣ የጽሑፍ ስሕተት ማረም፣ ሙዚቃ መለወጥ ማስተካከያ ሲሆን፣ ጠርሙሱ በጀልባ ላይ ይታይልን ብሎ እንደገና ወደ ላንጋኖ መላክ ግን ለብቻው የሚከፈልበት አዲስ ቀረጻ ነው። እንዲህ ያለውም ጥያቄ አስቀድሞ እንዲያልቅ፣ የየቪዲዮው ስክሪፕት ካሜራ ሳይነሣ በድርጅቱ እንዲፈረም አደረግን። ከዚህም ሌላ፣ ሥራ አስኪያጁ «ይርዘም» ሲል ማርኬቲንጉ «ይጠር» እንዳይል፣ አስተያየት ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ተሰብስቦ በአንድ ጽሑፍ እንዲመጣ ተጻፈ።

የብቸኛነቱ አንቀጽ «ሥራው እስኪጠናቀቅ ከማንኛውም የምግብና የመጠጥ ድርጅት ጋር አትሠራም» የሚል ነበር። ይህን አንቀጽ ለሚመረምር ሰው ሁለት ጕዳት ይታየዋል። አንደኛው፣ በላንጋኖ ዳር ያለ ሆቴል ሁሉ ምግብና መጠጥ የሚሸጥ እንደ መሆኑ መጠን፣ ክልከላው የዕለት እንጀራዋን በሙሉ መዝጋቱ ነው፤ ሁለተኛውም፣ መጠናቀቁ ራሱ በማጽደቁ ላይ ስለ ተመሠረተ፣ ክፍያው በዘገየ መጠን እስራቱም አብሮ መርዘሙ ነው። ክልከላውን በታሸገ ውኃ ብቻ ወስነን፣ የሚያበቃበትንም ዕለት በቀን መቍጠሪያ አስፍረን፣ ድርጅቱ ምርቱን እንዳያስተዋውቅ ሕግ ቢከለክለው ብቸኛነቱ በዚያው ቀን ይቀራል የሚል ጨመርን። ይህ ከንቱ ሥጋት አይደለም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ባገደ ጊዜ፣ በቢራ ስፖንሰርነት የቆሙ ፕሮግራሞች ምን እንደ ገጠማቸው አይተናል።

የአጠቃቀሙን መብት ረቂቁ «ለዘለዓለም የድርጅቱ ይሆናል» ይለው ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቍጥር 410 በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው እንደሚሆን ስለሚደነግግ፣ አንቀጹን ሰርዞ ዝም ማለትም አያድናትም። ስለዚህ ድርጅቱ ቪዲዮዎቹን በራሱ የማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ለ12 ወር እንዲጠቀምባቸው፣ በቴሌቪዥን ወይም በአዲስ–አዳማ ፍጥነት መንገድ ዳር ባለ ቢልቦርድ ላይ ሊያወጣቸው ቢፈልግ ግን ሌላ ዋጋ እንዲከፍል ተዋዋልን። መጀመሪያ ያሰብነው 6 ወር ነበር፤ የተጨመረው 6 ወር ለቅድመ ክፍያው የሰጠነው ምላሽ ነው።

ስለ መዘግየት ሕጉ ራሱ የሚሰጠው መፍትሔ አለ፤ ወለዱ በውል ካልተወሰነ በአንቀጽ 1751 መሠረት በዓመት 9 በመቶ ነው። በ90,000 ብር ላይ ሲሰላ ግን በወር 675 ብር ይሆናል፤ ይህም ከአዳማ ባቱ ደርሶ ለመመለስ ነዳጅ እንኳ አይበቃም፤ እንግዲህ ከፋዩን ሊያስቸኵለው አይችልም። ደግሞም በአንቀጽ 1772 መሠረት ባለዕዳውን አስቀድሞ በማስጠንቀቂያ መጠየቅ ስለሚያስፈልግ፣ ሕጉ እንደሚፈቅደው ቀኑ ሲያልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደ ዘገየ ይቈጠራል ብለን ጻፍን። ከወለዱ ይልቅ ኃይል ያለው አንቀጽ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ቀሪው ገንዘብ በቀጠሮው ካልተከፈለ የአጠቃቀሙ ፈቃድ እስኪከፈል ድረስ ይታገዳል፣ ቪዲዮዎቹም ከገጹ ይነሣሉ የሚለው ነው። እኛ የፈለግነው ፈቃዱ የሚጀምረው ከሙሉ ክፍያ በኋላ እንዲሆን ነበር፤ ድርጅቱ በተረከበበት ቀን ማውጣት ስለሚሻ በእገዳው ተገናኘን።

አንድ ጥያቄአችን ብቻ ሳይፈጸም ቀረ፤ ድርጅቱ በአምስት የሥራ ቀን መልስ ካልሰጠ እንዳጸደቀ ይቈጠር ያልነውን፣ ሥራ አስኪያጁ መንገደኛ ነው በማለት አልተቀበሉትም። ባለሙያዋ በዚህ ልትከራከር ስትነሣ እንድትተወው መከርኋት፤ ማጽደቁ ቢዘገይ ከዚህ ወዲያ የሚዘገየው ድርጅቱ ቪዲዮውን የሚያወጣበት ቀን እንጂ የእርሷ ገንዘብ አይደለምና።