ለአዲስ ሠራተኞች የሚሰጥ የትውውቅ ገለጻ፦ የሙከራ ጊዜና ከሥራ መቅረት

አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከሚሰማው ገለጻ ብዙውን ይረሳል። በመሆኑም የገለጻው ይዘት ሲታቀድ ስለ ድርጅቱ ታሪክ ለሚነገረው ጥቂት ደቂቃ መመደብ ይበቃል። ሰፊው ጊዜ ሊሰጥ የሚገባው ሠራተኛው ባለማወቁ ደመወዙን ወይም ሥራውን ሊያጣባቸው ለሚችሉ ጉዳዮች ነው።

ከእነዚህ አንዱ የሙከራ ጊዜ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መደረግ ያለበት ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም። ብዙዎች ይህን ሁለት ወር አድርገው ይረዱታል። ይሁን እንጂ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ሠራተኛ 60ውን ቀናት የሚጨርሰው በአሥር ሳምንት ነው፤ በመካከሉ የሕዝብ በዓል ከዋለ ደግሞ ይራዘማል። ስለዚህ ገለጻው የሙከራ ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በጽሑፍ ቢያሳውቅ ይመረጣል። የሕመም ፈቃድ መብትም የሚጀምረው የሙከራ ጊዜው ከተጠናቀቀ በኋላ ስለሆነ ቀኑን ማወቅ ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ከሥራ መቅረት ነው። ለምሳሌ የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ከሰኞ እስከ ረቡዕ ታመመች እንበል። አሠሪው ሕመሟን ሊያውቅ የሚችልበት ሁኔታ ከሌለና ለማሳወቅ የሚያዳግታት ካልሆነ በስተቀር፣ በቀረችበት ማግስት ማለትም ማክሰኞ ማሳወቅ ይጠበቅባታል። ሐሙስ ስትመለስም ከታወቀ የሕክምና ተቋም የተሰጣትን ማስረጃ ታቀርባለች። ማስረጃው ከቀረበ ሦስቱ ቀናት በሕመም ፈቃድ ይያዛሉ፤ የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት በመሆኑም ደመወዟ አይቀነስም። ማስረጃ ከሌለ ግን በመቆጣጠሪያው ላይ «ቀሪ» ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ። በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው አምስት ቀን ያለፈቃድ መቅረት፣ ሠራተኛው ስለዚሁ ጉድለት በጽሑፍ ተጠንቅቆ ከሆነ፣ ያለማስጠንቀቂያ ለመሰናበት ምክንያት ነው። በስድስት ወር ስምንት ጊዜ አርፍዶ መገኘትም በተመሳሳይ ሁኔታ ይታያል። የቃል ተግሣጽ ብቻውን ለዚህ አይበቃም፤ ይህን አለቆችም ሠራተኞችም አዘውትረው ይዘነጉታል።

በመሆኑም በገለጻው ላይ «ስትታመሙ አሳውቁ» ብሎ ማለፍ በቂ አይደለም። የሚደወልበት ስልክ ቁጥር፣ ስልኩን የሚያነሳው የሥራ ኃላፊና ማስረጃው የሚሰጥበት ክፍል በግልጽ ይመልከት። የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ አጠቃቀምና የዓመት ፈቃድ አጠያየቅ በአጭሩ ሊቀርቡ ይችላሉ።

ገለጻው ሲያበቃ ሠራተኛው የሥራ ደንቡን ቅጂ ተቀብሎ ስለመቀበሉ ይፈርማል። ሰነዱን ሳያነቡ መፈረም ተገቢ ስላልሆነ ለማንበቢያ የሚሆን ጊዜ በዕቅዱ ውስጥ ሊያዝ ይገባል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ የሚተዳደሩ በመሆኑ ከላይ የተገለጹት ቀናት እነርሱን አይመለከቱም።