ከዋቱ በፊት ኦሙ

አምፕሊፋየር ወይም ሞንታርቦ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያነብለታል። ጥያቄው ስህተት ባይሆንም ጎደሎ ነው፤ ምክንያቱም ዋት አምፕሊፋየሩ ውስጥ ተሞልቶ የተቀመጠ ነገር አይደለም። አምፕሊፋየሩ የሚያወጣው ቮልት ነው፤ ያ ቮልት ከስፒከሩ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ጋር ሲገናኝ ነው ዋት የሚፈጠረው። ተቃውሞው ኢምፒዳንስ ይባላል፤ የሚለካውም በኦም ነው። ስለዚህ የዋቱ ቁጥር ትርጉም የሚሰጠው ከጎኑ ኦሙ ሲጠቀስ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ድምፁን ለዉፈርና ለትዊተር የሚያካፍለው ክሮስኦቨርም ቢሆን ሥራው የተመሠረተው በዚሁ ኦም ላይ ነው።

በ8 ኦም 100 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር እንውሰድ። ይህ ማለት ሳይዛባ እስከ 28 ቮልት ገደማ ማውጣት ይችላል ማለት ነው፤ 28ን በራሱ አባዝቶ ለ8 ያካፈለ ሰው ወደ 100 ይደርሳል። በ8 ኦሙ ፋንታ 4 ኦም ስፒከር ቢቀጠልበት በዚያው ቮልት ዋቱ ወደ 200 ይጠጋል፤ ከአምፕሊፋየሩ የሚሳበው ከረንትም ከ3.5 አምፒር ወደ 7 ያድጋል። ይህ በወረቀት ላይ ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን ትራንስፎርመሩና ትራንዚስተሮቹ ያንን ከረንት ሳይደክሙ ማቅረብ አለባቸው፤ ብዙዎቹ አይችሉም፣ ቮልታቸው ይወርድና ከ200 በታች ይቀራሉ። ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በአዳራሽና በድንኳን ነው። የራሱ አምፕሊፋየር የሌለው ሞንታርቦ ጀርባ ላይ ያሉት ሁለት ሶኬቶች አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርስ በቀጥታ የተያያዙ ናቸው፤ ስለዚህ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ገመድ መዘርጋት ስፒከሮቹን በትይዩ ማገናኘት ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች 4 ኦም፣ አራት ደግሞ 2 ኦም ይሆናሉ። በ2 ኦም የሚሳበው ከረንት 14 አምፒር ነው። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ አምፕሊፋየሩ ይግላል፣ የመከላከያው መብራት ይበራል፣ ቤዙ በመታ ቁጥር ድምፁ ይቋረጥና ይመለሳል። ያኔ ድምፁን ለመጨመር ብሎ አምስተኛ ሳጥን መቀጠል ችግሩን ያባብሰዋል።

እዚህ ላይ «8 ኦም የተባለውን ስፒከር በቴስተር ስለካው 6 ብቻ ያነብባል፤ ታዲያ ቁጥሩ ውሸት ነው?» የሚል ይኖራል። ውሸት አይደለም። ቴስተሩ የሚለካው የጥቅልሉን ሽቦ ተቃውሞ በማይለዋወጥ ከረንት ነው፤ ሙዚቃ ግን ተለዋዋጭ ከረንት ስለሆነ የስፒከሩ ተቃውሞ በየድምፁ ከፍታ ይለያያል። አንድ ዉፈር በራሱ የተፈጥሮ እርግብግቢት ላይ፣ ለምሳሌ በ50 ሄርዝ አካባቢ፣ 30 ኦምና ከዚያም በላይ ሊያሳይ ይችላል፤ ከዚያ ወደ 7 ኦም ገደማ ይወርድና ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ እንደገና ይወጣል። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው 8 የዚህ ሁሉ ወካይ ቁጥር ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ እንደሚለው ዝቅተኛው ነጥብ ከተጻፈው ቁጥር ከ80 በመቶ በታች መውረድ የለበትም፤ ለ8 ኦም ይህ 6.4 ነው። ቁጥሩ ለአምፕሊፋየሩ «ከዚህ ብዙም አልወርድብህም» የሚል ማረጋገጫ ነው ማለት ይቻላል።

የዋቱ ቁጥር ግን እንዲህ ዓይነት ዋስትና ሁልጊዜ የለውም። በአሜሪካ የአምፕሊፋየር ዋት ማስታወቂያ በየፊናው በመጋነኑ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን በ1974 የአለካክ ደንብ ለማውጣት ተገድዷል። ዛሬም በአነስተኛ መሣሪያዎች ካርቶን ላይ «3000 ዋት ፒኤምፒኦ» የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ ይህ አለካክ አንድ ወጥ ደረጃ ስለሌለው ቁጥሩን የሚወስነው አምራቹ ነው። ማጣሪያው ከመሣሪያው ጀርባ ይገኛል። ከ220 ቮልት የሚወስደው 60 ዋት ነው ተብሎ ከተጻፈ፣ ከገባበት በላይ ያለማቋረጥ ሊያወጣ አይችልም። እውነተኛው ዋት ቢታወቅ እንኳ ከ100 ወደ 200 መውጣት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ይለየዋል እንጂ ድምፁ እጥፍ ሆነ አይልም።

ኦሙ ከሁሉ ይበልጥ የሚወስነው ግን ክሮስኦቨሩ ላይ ነው። ዉፈር ከባድና ሰፊ በመሆኑ ቀጭን ድምፅ አይሆንለትም፤ ትዊተር ደግሞ ቀላልና ስስ ስለሆነ ቤዝ ከደረሰበት ይበላሻል። በቀላሉ ክሮስኦቨር ውስጥ ከዉፈሩ በፊት ኮይል፣ ከትዊተሩ በፊት ካፓሲተር ይገባል። ኮይል ቀጭኑን ድምፅ ይገታል፣ ካፓሲተር ወፍራሙን። መገታቱ የሚጀምርበት ነጥብ ግን በኮይሉ ወይም በካፓሲተሩ ብቻ አይወሰንም፤ ከኋላቸው ያለው ስፒከር ስንት ኦም እንደሆነም ይወስነዋል። ለ8 ኦም ስፒከሮች መለያያውን 3000 ሄርዝ ላይ ለማድረግ 6.6 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 0.42 ሚሊሄንሪ ኮይል ያስፈልጋል። በዚያ ነጥብ ላይ ዉፈሩም ትዊተሩም የሙሉ ድርሻቸውን ግማሽ ያገኛሉ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው እየወጣ ይተካካሉ።

አሁን ትዊተሩ ተቃጠለና ገበያ ላይ የተገኘው ባለ 4 ኦም ነው እንበል። መጠኑ ልክ ነው፣ ቀዳዳውም ይገጥማል፣ ድምፅም ይሰጣል። ያው ካፓሲተር ግን በ4 ኦም ፊት የመለያያ ነጥቡን ወደ 6000 ሄርዝ ያሻግረዋል። ዉፈሩ በ3000 መውረድ ጀምሯል፤ ትዊተሩ ገና አልደረሰም። በ3000 ሄርዝ ላይ ትዊተሩ የሚያገኘው ከሙሉ ድርሻው ግማሽ ሳይሆን አንድ አምስተኛ ነው። ዉፈሩም በ4 ኦም ቢቀየር የእሱ ነጥብ ወደ 1500 ስለሚወርድ ክፍተቱ ይሰፋል። የሚሰማውም ይኸው ነው፦ የዘፋኙ ድምፅ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ቃላቱ ይደበዝዛሉ፤ ከላይ ግን 4 ኦሙ ትዊተር በዚያው ቮልት እጥፍ ዋት ስለሚስብ ጸናጽሉ ይጮኻል። ብዙ ሰው ይህን የስፒከሩ ጥራት መጓደል ያደርገውና ኢኳላይዘሩን ይነካካል፤ መፍትሔው ግን ባለ 8 ኦም ትዊተር መፈለግ ወይም ካፓሲተሩን ወደ 13 ማይክሮፋራድ ከፍ ማድረግና ጩኸቱን በሬዚስተር መቀነስ ነው።

«ካፓሲተር እስካለ ድረስ ትዊተር አይቃጠልም፤ በተለይ አምፕሊፋየሩ አነስተኛ ዋት ከሆነ» የሚለውም መልስ ይፈልጋል። ካፓሲተሩ የሚመልሰው ቤዝን ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ ምንም ያህል ቢበዛ ያሳልፋል። ባለ 50 ዋት አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የቤዙ ጫፍ የቮልት ጣሪያውን ይመታና ተቆርጦ ይቀራል፤ ቮልዩሙ በተጨመረ ቁጥር የሚያድገው እንግዲህ ጣሪያው ላይ ያልደረሰው ቀጭኑ ድምፅ ነው። በዚህ ላይ የሞገዱ መቆረጥ ራሱ አዲስ ቀጭን ድምፆችን ይፈጥራል፤ አምፕሊፋየሩም ሞገዱ ሙሉ በሙሉ ከተቆራረጠ ከተጻፈለት እስከ እጥፍ የሚደርስ ዋት ይሰጣል። የትዊተሩ ሽቦ በጣም ቀጭን ስለሆነ ይህን ሙቀት አይችለውም። ገመዱን ከክሮስኦቨሩ ነቅሎ በቴስተር ሲለኩት ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። ስለዚህ በልኩ የሚሠራ ትልቅ አምፕሊፋየር ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ከሚጮህ ትንሽ ይልቅ ለትዊተር የተሻለ ነው፤ ተቆጣጣሪው ሰው ድምፁ እንዳይዛባ እስከጠበቀ ድረስ።

ለእያንዳንዱ ስፒከር የራሱን አምፕሊፋየር ሰጥቶ ድምፁን ከማጉላት በፊት መለየትም ይቻላል፤ ያኔ የመለያያ ነጥቡ ከስፒከሩ ኦም ጋር ያለው ጥገኝነት ይቀራል። የራሳቸው አምፕሊፋየር ያላቸው ብዙ ሞንታርቦዎች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ዋጋው ግን ከአንድ ይልቅ ለሁለት አምፕሊፋየር መክፈል ነው። በአንድ አምፕሊፋየርና በገመድ ለሚሠራ ሰው የጥያቄው ቅደም ተከተል ሌላ ነው፦ ስፒከሮቹ ተያይዘው ስንት ኦም ይሆናሉ፣ አምፕሊፋየሩ በዚያ ኦም ስንት ዋት ያለማቋረጥ ይሰጣል፣ የሚቀየረው ትዊተር ወይም ዉፈር ከወጣው ጋር በኦም ይመሳሰላል? ለእነዚህ መልስ ያገኘ ገዢ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመውን ቁጥር ባያነብም ምንም አይጎድልበትም።