«አበበ በሶ በላ» በ19 ቢት

አማርኛ ፊደል ቆጥሮ ያደገ ሰው «አበበ በሶ በላ»ን ያውቃታል። ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጥ 23 ባይት ትይዛለች። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት UTF-8 በተባለው ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ 1 ባይት። ሰባት ፊደላትና ሁለት ክፍተቶች አሉ፤ ሰባት ጊዜ ሦስት 21፣ ሁለት ሲጨመርበት 23። እያንዳንዱ ባይት ስምንት ቢት፣ ማለትም ስምንት የዜሮና የአንድ ምልክት ስለሆነ፣ ድምሩ 184 ቢት ይመጣል።

ይህችኑ ዓረፍተ ነገር አንዲት ፊደል ሳትጎድልባት በ19 ቢት መጻፍ ይቻላል። ባለፈው ክረምት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ ፋይል ዚፕ ሲደረግ የሚቀነሰው ምኑ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን በወሬ ከምነግራት ብዬ ወረቀት ቀደድንና ከምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። እዚህም በዚያው መንገድ እሄዳለሁ።

መነሻው ቀላል ነው። ባለሱቅ ስኳርና ሳሙናን ከእጁ ሥር ያስቀምጣል፤ በዓመት አንዴ የሚጠየቀውን ዕቃ ከላይኛው መደርደሪያ ይሰቅለዋል። በዓረፍተ ነገራችን ውስጥ «በ» አራት ጊዜ ትመጣለች፣ ክፍተቱ ሁለት ጊዜ፤ «አ»፣ «ሶ» እና «ላ» አንዳንድ ጊዜ ብቻ። ለአራቴዋ «በ» እና ለአንዴዋ «ሶ» እኩል ቦታ መስጠት ብክነት ነው። ቶሎ ቶሎ የምትመጣው አጭር ኮድ፣ አልፎ አልፎ የምትመጣው ረጅም ኮድ ይሰጣት።

ችግሩ ግን ኮዱን እንደመጣልን ማደል አለመቻላችን ነው። «በ»ን 0፣ ክፍተቱን 1፣ «ላ»ን 10 ብንል፣ አንባቢው 10 ሲያይ «ላ» ይበላት ወይስ ክፍተትና «በ»? በቢቶቹ መካከል ነጠላ ሰረዝ የለም፤ ዜሮና አንድ ብቻ ተደርድሮ ይመጣል። ስለዚህ የአንዷ ፊደል ኮድ የሌላዋ ኮድ መጀመሪያ መሆን የለበትም። ይህን ሁኔታ ጠብቆ ድምሩን ከሁሉ የሚያሳጥረውን ኮድ ማግኘት ነው ሊቃውንቱን ያስቸገረው።

እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ ኤም አይ ቲ ውስጥ ሮበርት ፋኖ የተባሉ መምህር ተማሪዎቻቸውን ወይ የማጠቃለያ ፈተና ተቀመጡ ወይ ይህን ችግር ፈትታችሁ ጽሑፍ አቅርቡ አሏቸው። ራሳቸው ፋኖም ሆኑ ታዋቂው ክሎድ ሻነን ያገኙት ዘዴ ጥሩ ቢሆንም ሁልጊዜ ከሁሉ የተሻለውን ኮድ አያስገኝም ነበር። የእነርሱ ዘዴ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ ፊደላቱን ሁሉ ክብደታቸው ወደ እኩል በሚጠጋ ሁለት ቡድን እየከፈለ ይወርዳል። ዴቪድ ሃፍማን የተባለው ተማሪ ለወራት ታግሎ፣ ተስፋ ቆርጦ ለፈተናው ሊያጠና ሲል መፍትሔው መጣለት። ከላይ መጀመሩን ትቶ ከታች ጀመረ። ሥራው በ1952 ታትሞ ወጣ።

ከታች መጀመር ለምን ይሻላል? ከሁሉም ያነሰ ጊዜ የሚመጡት ሁለቱ ፊደላት ረጅሙን ኮድ መያዛቸው አይቀርም። እንግዲያው አንድ ላይ ከታችኛው ቅርንጫፍ ብናስቀምጣቸው የሚጎዳን ነገር የለም፤ በመጨረሻዋ ቢት ብቻ ይለያዩ። አንዴ ከተጣመሩ በኋላ ጥንዱን እንደ አንድ ፊደል ቆጥረን ያንኑ ጥያቄ እንደገና እንጠይቃለን፦ አሁንስ ከሁሉ ያነሱት ሁለቱ የትኞቹ ናቸው?

ጠረጴዛው ላይ አምስት ቁራጭ ወረቀት ደረደርን። በእያንዳንዱ ላይ ፊደሉንና ቁጥሩን ጻፍን፦ በ 4፣ ክፍተት 2፣ አ 1፣ ሶ 1፣ ላ 1። መጀመሪያ «አ» እና «ሶ»ን አንስተን በአንድ ክር አገናኘናቸውና ከላያቸው 2 የሚል ወረቀት አደረግን። የቀሩት አራት ናቸው፦ ላ 1፣ ክፍተት 2፣ አዲሱ ጥንድ 2፣ በ 4። ትንሿ «ላ» ናት። ቀጣዩ ግን እኩል ሆነ፤ ክፍተቱም 2፣ ጥንዱም 2። «የቱን ልውሰድ?» አለችኝ። «የፈለግሽውን» አልኳት፤ ጥንዱን መረጠች። «ላ» እና ጥንዱ ተደምረው 3 ሆኑ። ቀጥሎ ክፍተቱ 2 እና ይህ 3 ተጣምረው 5፤ በመጨረሻም «በ» 4 እና 5 ተጣምረው 9። ዘጠኝ የዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ቁጥር ነው። ዛፉ ሥር ያዘ፤ ሥሩ ከላይ፣ ቅጠሎቹ ከታች።

ኮዱ የሚነበበው ከሥሩ ወደ ቅጠሉ ሲወረድ ነው። ወደ ግራ ከሄድን 0፣ ወደ ቀኝ ከሄድን 1 እንጽፋለን። «በ»ን በግራ አድርገን የእኛ ዛፍ ይህን ሰጠን፦

```
በ      0
ክፍተት   10
ላ      110
አ      1110
ሶ      1111
```

ፊደላቱ ሁሉ ያሉት ከቅጠል ላይ ብቻ ነው፤ በመንገድ መሀል የተቀመጠ ፊደል የለም። አንዱ ኮድ የሌላው መጀመሪያ እንዳይሆን የሚጠብቀው ይህ ነው። አሁን ዓረፍተ ነገሩን ፊደል በፊደል እየተካን ቢቶቹን እናወጣለን። ከላይ ለዓይን እንዲመች ተለያይቶ፣ ከታች በፋይሉ ውስጥ እንደሚቀመጠው ተያይዞ እነሆ፦

```
1110 0 0 10 0 1111 10 0 110
1110001001111100110
```

ቁጠሯቸው፤ 19 ናቸው። ለአምስቱም እኩል ርዝመት ብንሰጥ ለእያንዳንዱ 3 ቢት፣ በድምሩ 27 ይሆን ነበር። የእህቴ ልጅ ከክፍተቱ ጋር «ላ»ን አጣምራ ብትሆን ኖሮ ዛፉ ሌላ ቅርጽ ይይዝ ነበር፤ «በ» 1 ቢት፣ የቀሩት አራቱም 3 ቢት። አራት በአንድ 4፣ አምስት በሦስት 15፤ ድምሩ ያው 19። ዛፉ ብዙ ሊሆን ይችላል፣ ትንሹ ድምር ግን አንድ ነው።

ለመፍታት ጣትን ከሥሩ ላይ አስቀምጦ ቢቶቹን መከተል ነው። 1፣ 1፣ 1፣ 0፤ ከ«አ» ደረስን፣ እንጽፋትና ወደ ሥሩ እንመለሳለን። 0፤ «በ»። እንደገና 0፤ «በ»። 1፣ 0፤ ክፍተት። የእህቴ ልጅ እስከ መጨረሻው በጣቷ ተከትላ ዓረፍተ ነገሩን መልሳ አገኘችው።

እዚህ ላይ ፕሮግራም የሚጽፉ ሁሉ አንድ ቀን የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። ኮምፒውተር ፋይል የሚጽፈው በሙሉ ባይት ነው። 19 ቢት ሁለት ባይት ሞልቶ 3 ቢት ስለሚተርፈው ሦስተኛ ባይት ያስፈልጋል፣ በዚያ ውስጥም 5 ባዶ ቦታ ይቀራል። ባዶው ቦታ ብዙውን ጊዜ በዜሮ ይሞላል። በእኛ ኮድ ደግሞ ዜሮ ማለት «በ» ነው! ፈቺው መቆሚያውን ካላወቀ «አበበ በሶ በላበበበበበ» ብሎ ያወጣል። ከጽሑፉ ጫፍ ላይ ቶሎ ቶሎ የምትመጣዋ ፊደል ተደጋግማ ከታየች በሽታው ይህ መሆኑን ወዲያው ማወቅ ይቻላል። መድኃኒቱ ከፋይሉ መጀመሪያ «ዘጠኝ ምልክት ነው» ብሎ መጻፍ፣ ወይም «እዚህ አበቃ» የሚል ልዩ ምልክት በዛፉ ላይ እንደ አንድ ፊደል መትከል ነው። የዚፕ ፋይሎች በብዛት የሚሠሩበት ዲፍሌት የተባለው ዘዴ ሁለተኛውን ይጠቀማል።

አንዲት ቢት መንገድ ላይ ብትበላሽስ? የመጀመሪያዋ 1 ወደ 0 ብትለወጥ ፈቺው መጀመሪያ «በ»ን፣ ቀጥሎ «ላ»ን ያነባል፤ ከዚያ ግን እንደ ገና መንገዱ ላይ ይወጣና «በላበበ በሶ በላ» ይላል። አንድ ምልክት ጨምሯልና ዘጠኝ ብቻ ቁጠር ከተባለ የመጨረሻዋን «ላ» ይቆርጣታል። በሁሉም ፊደል እኩል ርዝመት ቢሆን ኖሮ የሚበላሸው አንድ ፊደል ብቻ ነበር። ርዝመቱ በተለያየ ኮድ ስሕተት ከቦታው አልፎ ይፈሳል።

ሌላው ወጪ ዛፉ ራሱ ነው። ተቀባዩ ዛፉን ካላወቀ 19ኙ ቢት ትርጉም የለውም፤ ስለዚህ አብሮ መላክ አለበት። እናስላው። የፊደላቱን ብዛት ለመንገር 1 ባይት፣ አራቱ ፊደላትና ክፍተቱ 13 ባይት፣ የእያንዳንዱ ኮድ ርዝመት 5 ባይት፣ የምልክቶቹ ብዛት 1 ባይት፣ ቢቶቹ 3 ባይት። ድምሩ 23 ባይት! ከተነሣንበት ከዚያው ላይ ተመለስን፤ አንዲት ባይት አላተረፍንም። ትንሽ መልእክት ዚፕ አድርጎ መጠኑ አልቀነሰም ብሎ የሚገረም ሰው ምክንያቱ በአብዛኛው ይህ ነው።

ጽሑፉ ሲረዝም ሒሳቡ ይገለበጣል። ዓረፍተ ነገሩን አንድ ሺህ ጊዜ እናስከትለው። መነሻው 23,000 ባይት፤ ቢቶቹ 19,000፣ ማለትም 2,375 ባይት፤ ዛፉ ግን ያው ሃያ ገደማ ባይት ነው። ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ።

ሆኖም የእህቴ ልጅ ይህን ስሰላላት ፊቷን አጨማደደች። «አንድ ዓይነት ነገር ሺህ ጊዜ ከተደገመ፣ አንዴ ጽፎ ሺህ ጊዜ ድገመው ማለት አይሻልም?» አለች። የሃፍማን ዘዴ ድንበር እዚያ ላይ ነው። ዛፉ የሚያውቀው የፊደላቱን ብዛት ብቻ ነው፣ ቅደም ተከተላቸውን አያይም። ዘጠኙን ምልክቶች አደባልቃችሁ ትርጉም የሌለው ነገር ብታደርጓቸው ርዝመቱ ያው 19 ቢት ነው። ሺኛው «አበበ በሶ በላ» ከመጀመሪያው እኩል ያስከፍላል። አንዷ «በ» ሚሊዮን ጊዜ ብትደገምም ለእያንዳንዷ ቢያንስ 1 ቢት ይከፈላል። እንዲህ ያለ የአንድ ፊደል ጽሑፍ ሌላም ጣጣ አለው፤ ዛፉ ቅርንጫፍ የሌለው አንድ ቅጠል ስለሚሆን ኮዱ ባዶ ይወጣል፣ ያልተጠነቀቀ ፕሮግራምም ባዶ ፋይል ይጽፋል። ለዚህ ብቻ በግድ 0 ተብሎ ይሰጠዋል።

ስለዚህ ዲፍሌት ሥራውን ለሁለት ከፍሎታል። መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል፤ የተደገመ ሐረግ ሲያገኝ «ከዚህ ያህል ወደ ኋላ ሂድና ይህን ያህል ቅዳ» በሚል መመሪያ ይተካዋል። ቀጥሎ የተረፉትን ፊደላትና መመሪያዎቹን ራሳቸውን ቆጥሮ የሃፍማን ዛፍ ይተክልላቸዋል። መደጋገሙን የሚያየው አንደኛው፣ ቶሎ ቶሎ ለሚመጣው አጭር ስም የሚያወጣው ሁለተኛው ነው።

ለአማርኛ ጽሑፍ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚቆጥሩት ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። አማርኛ የምንጽፍባቸው ፊደላት ሦስት ሦስት ባይት ሲሆኑ የመጀመሪያዋ ባይት ሁልጊዜ E1 ናት፤ «አ» E1 8A A0፣ «በ» E1 89 A0። በዓረፍተ ነገራችን ከ23ቱ ባይት ሰባቱ E1 ናቸው፤ በረጅም ጽሑፍም ወደ አንድ ሦስተኛ ይጠጋሉ። ዛፉ ይህችን ባይት ከሥሩ አጠገብ ያስቀምጣትና በአንድ ወይም በሁለት ቢት ይጽፋታል። የእህቴ ልጅ ዚፕ ስታደርግ የሚቀነሰው ምን እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር። አንዱ መልስ ይህ ነው፤ ከእያንዳንዱ ፊደላችን ፊት የምትደገመው፣ በዓይን የማትታየው E1።