ከፎቶ ወደ ካርቶን

ደሴ ውስጥ የቤት ዕቃ የምትሸጥ አንዲት ባለሱቅ አለች እንበል። ደንበኛዋ ስልኳን አውጥታ ጂዳ የምትኖር እህቷ የላከችላትን ፎቶ ታሳያታለች። የዓረብ ጀበና ቅርጽ ያለው፣ አፉ ረዘም ያለ፣ እጀታው ወርቅማ የሆነ ነጭ ፔርሙስ ነው። «እንዲህ ዓይነት ይገኛል?» ትላታለች። ባለሱቋ ፎቶውን እንዳለ መርካቶ ላለ ጅምላ አከፋፋይ በቴሌግራም ልካ «ስንት ነው?» ብትለው መልስ አታጣም። ነገር ግን ዋጋው የየትኛው ፔርሙስ እንደሆነ ሻጩም ገዢዋም እርግጠኛ አይሆኑም።

ፎቶው መልክን እንጂ ዋጋ የሚወስነውን ነገር አያሳይም። አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ፔርሙስ በተለያየ መጠን ይሠራል፤ ብቻውን ፎቶ ሲነሣ የግማሽ ሊትሩም የአንድ ሊትር ተኩሉም እኩል ይመስላሉ። አጠገቡ ሲኒ ካለ ግን መገመት ይቻላል። ከመጠኑ ይልቅ የሚያሳስተው የውስጡ ነገር ነው። ውጭው ያው ሆኖ ውስጡ መስታወት ወይም ስቴንለስ ሊሆን ይችላል፤ የመስታወቱ በአብዛኛው ረከስ ይላል፣ ሲወድቅ ግን አለቀለት። ስለዚህ ባለሱቋ ለደንበኛዋ ሁለት ተጨማሪ ፎቶ ከጂዳ እንድታስልክላት ትነግራታለች፤ አንዱ ክዳኑ ተከፍቶ ውስጡ የሚታይበት፣ ሌላው የሥሩ። የሞዴል ቁጥርና ሊትር ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከሥሩ ወይም ከካርቶኑ ላይ ነው። በጎግል ሌንስ መፈለግም ይረዳል፤ ሆኖም አንዱን ፎቶ ብዙ ሻጮች በየራሳቸው ስም ስለሚለጥፉት፣ እዚያ የተገኘን የንግድ ስም ሳያጣሩ ደብዳቤ ላይ ማስፈር አይበጅም።

ይህ ከተጣራ በኋላ ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፦

«ጤና ይስጥልኝ። ደሴ የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለኝ። በፎቶው ላይ ያለውን የዓረብ ጀበና ቅርጽ ያለው ፔርሙስ እፈልጋለሁ፤ 1 ሊትር፣ ውስጡ መስታወት፣ ነጭ፣ እጀታው ወርቅማ። የሥሩን ፎቶም አያይዣለሁ። እርስዎ ዘንድ ያለው ይኸው ነው ወይስ የሚመስለው? የሚመስለው ከሆነ እባክዎ የራስዎን ዕቃ ፎቶ ይላኩልኝ። የአንዱ ዋጋ ስንት ነው? ቫትን ይጨምራል? ትንሹ ትእዛዝ ስንት ነው? ካርቶኑ ስንት ይይዛል? ቀለም ማቀላቀል ይቻላል? ለናሙና አንድ ብቻ ይሸጡልኛል? በመንገድ ቢሰበር ኃላፊነቱ የማን ነው? ዋጋው እስከ መቼ ይጸናል?»

«ይኸው ነው ወይስ የሚመስለው?» የሚለውን ጥያቄ ብዙ ባለሱቅ ይዘለዋል። ለእኔ ግን ከዋጋው በፊት መምጣት ያለበት እሱ ነው። አከፋፋዩ የላኩለትን ፎቶ አይቶ «አለ» ሲል፣ መጋዘኑ ውስጥ ያለው እጀታው ብርማ የሆነው ሊሆን ይችላል፤ እሱ አልዋሸም፣ ደንበኛዋ ግን አትወስደውም።

ወደ ትንሹ ትእዛዝ እንምጣ። አከፋፋዩ «ከካርቶን በታች አልሸጥም፣ ካርቶኑ 12 ይይዛል» ቢል፣ ፈላጊዋ አንዲት ደንበኛ ናት፤ ቀሪው 11 መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ቀለም ማቀላቀል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ነጩን ያልወደደ ቀዩን ሊወስድ ይችላል።

ስብራቱንም በቁጥር እንየው፤ ዋጋው ለምሳሌ ያህል ብቻ የተወሰደ ነው። አንዱ በ1,150 ብር ቢገዛ 12ቱ 13,800 ብር ይሆናሉ። የጭነት 600 ብር ሲጨመር 14,400፣ ስለዚህ አንዱ ሱቋ ሲደርስ 1,200 ብር ያወጣል። በመንገድ አንድ ከተሰበረ ያው ወጪ ለ11 ይካፈላልና አንዱ 1,309 ብር ገደማ ይገባል። በ1,300 ብር እሸጣለሁ ብላ ለደንበኛዋ ቃል ከገባች፣ አንዲት ስብራት ትርፏን ጨርሳ ኪሳራ ላይ ጣለቻት ማለት ነው። ዋጋው ቫትን የማይጨምር ከሆነ ደግሞ 15 በመቶው ከላይ ይመጣል።

የዋጋው ቀን የተጠየቀውም በምክንያት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ አዲስ ጭነት ሲመጣ ዋጋው ሊለወጥ ይችላል። ባለሱቋም መልሱ ሳይደርሳት ለደንበኛዋ ዋጋ ባትቆርጥ ይሻላታል፤ ቀብድ ከተቀበለችም «ዋጋው የሚጸናው እስከዚህ ቀን ነው» ብላ ትነግራት።

ናሙናው ሲደርስ የፈላ ውኃ ሞልቶ፣ ክዳኑን ገጥሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። ከዚያ ጎኑን በእጅ መዳሰስ፤ ከሞቀ ውስጡ ሙቀት አይዝምና ካርቶኑን ከማዘዝ በፊት ለአከፋፋዩ ማሳወቅ ያስፈልጋል።